«ሌሊት ተኝቶ ማለዳ መግባት» የሚባለው ጉዞ ለታመመ ሰው ርካሽ አይደለም



ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ መኪና ነው የማወራችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ የሐኪም ሥራ ነው። ምክንያቱም አንድ ታማሚ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ከመንገድ በኋላ ነው። መንገዱ ያደረሰበትን ጉዳት ደግሞ እኛ ነን የምናየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰላ ድንጋይ፣ ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢው የሚመጡ ቤተሰቦች አባት ወይም እናት ሲታመምባቸው ብዙ ጊዜ የሚወስኑት በሕክምናው ቦታ ብቻ አይደለም። «ማን ጋ ያርፋሉ? ማን ያስታምማቸዋል?» የሚለው ይቀድማል። ልጃቸው ባሕር ዳር ሥራ ካለው ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ጎንደር ካለ ጎንደር። ይህ ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው፤ አስታማሚ የሌለው ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ምክር ይመጣል። «በሌሊት መኪና ይሂዱ። ርካሽ ነው። መኪናው ላይ ይተኛሉ፣ አልጋ አይከፍሉም፣ ቀንም አይባክንም። አውሮፕላን ለሀብታም ነው፤ ደግሞም ለታመመ ሰው አየሩ አይሆንም።»

በዚህ ምክር ውስጥ ያሉት ነገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስህተት ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ሹፌሩ መቼ ነው የሚተኛው?

የሰው አንጎል የራሱ ሰዓት አለው። ቡና ብንጠጣም፣ ብንለምደውም፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃታችን ከቀኑ ሁሉ ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። ቀኑን ሲሠራ ውሎ ማታ መሪ የጨበጠ ሰው በዚያ ሰዓት ላይ 20 ሰዓት ያህል ሳይተኛ ቆይቷል ማለት ነው። በጥናት እንደታየው፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ምላሽ ለመስጠት የሚዘገየው በብዙ አገሮች ማሽከርከር የሚከለከልበትን ያህል መጠጥ እንደጠጣ ሰው ነው። ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይተኛ የቆየ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የጠጣ ሹፌር ቢያዩ እናታችሁን አታሳፍሩም። እንቅልፍ ያጣው ግን ጠረን ስለሌለው ዝም ብለን እናሳፍራለን።

«ጫት ይቅማል፣ አይተኛም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ጫት ዓይንን ይከፍታል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። በምርቃና ላይ ያለ ሰው ከሚገባው በላይ ራሱን ይተማመናል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የተከማቸው ድካም በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። ያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ንጋት አካባቢ ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ አበባን ከባሕር ዳር የሚያገናኘውን መንገድ አስቡት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ጥምዝምዙ በቀን እንኳ ንቁ ሹፌር ይፈልጋል። ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ መስመር ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ ታማሚ ይዞ በጨለማ መውጣት ድፍረት እንጂ ቁጠባ አይባልም።

«አውሮፕላንስ አይወድቅም?» ትሉኝ ይሆናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሞተዋል፤ ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልወጣልንም። ነገር ግን ያን ቀን በቀኑና በቁጥሩ የምናስታውሰው እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም ስለማይደርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመላው ዓለም በመኪና አደጋ በዓመት ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይሞታል። የነዚህን ሞት ቀኑን የሚያስታውስ የገዛ ቤተሰባቸው ብቻ ነው።

«መኪናው ላይ ይተኛሉ» የሚባለው እንቅልፍ

ጤነኛ ወጣት መኪና ላይ ቢያንቀላፋ በማግስቱ ይበቃዋል። ለታማሚ ግን ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

የመጀመሪያው የስኳር ሕመም ነው። በብዛት የምንሰጠው ደመናማው ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) ከተወጉ በኋላ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ጉልበቱ የሚበረታው። አባታችሁ ማታ 1 ሰዓት ተወግተው መኪና ከተሳፈሩ፣ መድኃኒቱ የሚበረታው ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት ነው። በቤታቸው ቢሆን እራት በልተው፣ ከመኝታ በፊት ቀምሰው ይተኛሉ። መኪና ላይ ግን «ሆዴን እንዳያስቸግረኝ» ብለው እራት ይተዋሉ፣ «ሽንቴ እንዳይመጣ» ብለው ውኃም አይጠጡም። ስኳራቸው ይወርዳል። ስኳር ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያዘባርቃል፣ ከዚያም ያደነዝዛል። መብራት በጠፋበት መኪና ውስጥ ይህን ማን ያያል? አጠገባቸው ያለው ሰው «እንቅልፍ ወስዷቸው ነው» ይላል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ክኒን የሚወስዱም እንዲሁ ናቸው፤ የእሱ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ስለዚህ በቀንም ቢሆን ከስኳር ታማሚ ጋር የምትጓዙ ሁሉ ስኳር ወይም ለስላሳ በእጃችሁ ያዙ። ካላባቸው ወይም ንግግራቸው ከተለወጠ፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙ፤ ሲሻላቸው ዳቦ ወይም ቆሎ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፣ በጎን አስተኝታችሁ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም አድርሱ። በሌሊት መንገድ ላይ «ቅርብ ጤና ተቋም» የቱ እንደሆነ ከወዲሁ አስቡት።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ይህን በተለይ ለወላጆች ነው የምለው። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በዚያ ላይ በጉዞው ግርግር የማታው ፌኖባርቢታል ሲዘለል፣ ሁለቱ ቀስቃሾች በአንድ ሌሊት ይገናኛሉ። ልጁ ለወራት ሳይጥለው ቆይቶ ለቀጠሮው በሚሄድበት ሌሊት ቢጥለው «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ሐኪሙም መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ጥፋቱ ግን የመድኃኒቱ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ለግፊትም እንዲሁ ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ከመኪና ወርዶ በቀጥታ የተለካ ግፊት ከወትሮው ከፍ ሊል ይችላል፤ ስኳርም እንዲሁ። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ቢጨመር፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሲያርፍ መጠኑ ይበዛበታል። ያን ሁሉ መንገድ የሄዳችሁት ትክክለኛ ምርመራ ለማግኘት ከሆነ፣ ከምርመራው በፊት አንድ ሙሉ ሌሊት መተኛት የምርመራው አካል ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ ሁላችንም ቁርጡን ማወቅ የምንፈልገው እዚያ ላይ ነው። ከታች የጻፍኳቸው ዋጋዎች ለስሌት ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ የዛሬውን ዋጋ እናንተ ጠይቃችሁ በቦታው አስገቡ።

ከሰላ ድንጋይ ባሕር ዳር ልጃቸው ጋ የሚሄዱ አንድ አባት አሉ እንበል። ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን ረጅም መንገድ በእግራቸው አይችሉም። ሴት ልጃቸው ትሸኛቸዋለች። እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በሁሉም ምርጫ አንድ ስለሆነ አናስገባውም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መኪናው 1,500 ብር፣ አውሮፕላኑ 7,000 ብር፣ የአንድ ሌሊት አልጋ 800 ብር፣ ልጅቱ ሥራዋን ትታ የምትውልበት አንድ ቀን 500 ብር ይሁን።

በሌሊት መኪና ከሆነ፣ ሲሄዱ ሁለት ሰው፣ ስትመለስ እሷ ብቻዋን፣ በድምሩ ሦስት ትኬት 4,500 ብር ነው። የመንገድ ምግብ 600። ስትመለስ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ታድራለች፣ 800። ከቤቷ የምትለየው አራት ቀን ነው፦ አንድ ቀን አዲስ አበባ ለመግባት፣ ማግስቱን ባሕር ዳር ደርሳ ስትተኛ ለመዋል፣ ሦስተኛውን ለመመለስ፣ አራተኛውን ሰላ ድንጋይ ለመግባት። ይህ 2,000 ብር ነው። ጠቅላላው 7,900።

በቀን አውቶቡስ ከሆነስ? ትኬቱ ያው፣ ምግቡ ያው፣ ቀኑም ያው አራት ነው። የሚጨመረው ከመነሣታቸው በፊት አዲስ አበባ የሚያድሩበት አንድ አልጋ ብቻ ነው። ጠቅላላው 8,700። ልብ በሉ! «ሌሊት መጓዝ ቀን ያተርፋል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። በንጋት የደረሰ ሰው ቀኑን ተኝቶ ይውላልና ያተረፈው ቀን የለም። ከሌሊቱ ጉዞ የተገኘው ትርፍ አንድ አልጋ ነው፣ 800 ብር። አባታችሁን በጨለማ በዓባይ በረሃ የምታሳልፉት ለዚህ ነው።

አሁን አውሮፕላኑን እንይ። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነና ልጃቸው ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚቀበላቸው፣ አባት ብቻቸውን መብረር ይችላሉ። ትኬት ሲቆረጥ «የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ ይፈልጋሉ» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መውጫው የሚገፋ ሠራተኛ ይመደብላቸዋል። ስለዚህ አንድ ትኬት 7,000፣ ቦሌ ለመድረስ ታክሲ 600፣ አዲስ አበባ አንድ አልጋ 800፣ ልጅቱ ከቤቷ የምትለየው ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ 1,000። ጠቅላላው 9,400።

ትኬቱን ብቻ ስታዩ ልዩነቱ 5,500 ብር ነበር። ሙሉ ሒሳቡን ስታዩ ከሌሊቱ መኪና ጋር ያለው ልዩነት 1,500፣ ከቀኑ አውቶቡስ ጋር ደግሞ 700 ሆነ። አውሮፕላን ርካሽ ነው አላልኩም። አስታማሚው አብሮ መብረር ካለበት ወይም አባት ወዲያው የሚመለሱ ከሆነ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል፤ ያን ጊዜ የቀን አውቶቡስ የተሻለ ነው። እያልኩ ያለሁት ከሌሊቱ መኪና የሚተርፈው ገንዘብ ለሚያመጣው አደጋ አይመጥንም ነው።

«ለታመመ ሰው የአውሮፕላን አየር አይሆንም»

ይህን አባባል የእኛ አካባቢ ሰው ሲናገረው ፈገግ እላለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ ያለው አየር ይታፈናል፤ የሚሰማን ከፍታ ከ2,400 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ማለትም የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው አውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሰው አየር ከቤቱ አየር የሳሳ አይደለም። በቤቱ ቁጭ ብሎ ሳያልከው የሚውል አባት፣ በአየሩ ምክንያት አውሮፕላን ውስጥ አይታፈንም።

የልጆች ጆሮም እንዲሁ ነው። ጆሮ የሚያመው ከፍታ ቶሎ ሲለወጥ ነው። መኪና ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ወይም ዓባይ በረሃ ሲገባ ከፍታው ከሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። አውሮፕላን ሲያርፍም በመኪና ቁልቁል ሲወረድም መፍትሔው አንድ ነው፦ ሕፃን ጡት ይጥባ፣ ከፍ ያለው ልጅ ውኃ ይጎንጭ።

የእግር ደም መርጋትም የአውሮፕላን በሽታ ተደርጎ ይወራል። አይደለም፤ ያለመንቀሳቀስ በሽታ ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም ዕድሉን ይጨምራል። አሁን አስቡት፤ አንድ ሰዓት በረራና ሙሉ ሌሊት ጉልበት አጥፎ መቀመጥ፣ የቱ ይብሳል? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ፣ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ከጉዞ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የአንድ እግር ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳታሹና ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እውነትም መብረር የሌለባቸው ሰዎች ግን አሉ። ሳምባው ተቀዶ በደረቱ ውስጥ አየር ያለበት፣ ከጥቂት ቀናት በፊት የልብ ድካም ያጋጠመው ወይም ደም ወደ አንጎሉ መሄድ ያቆመበት፣ በቅርቡ ሆዱን ወይም ደረቱን የተቀደደ፣ ቁጭ ብሎም የሚያለከልክ ሰው ሐኪሙ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይብረር። ዘጠነኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡርም አትብረር። የሚያስል የሳምባ ነቀርሳ ታማሚ ተላላፊነቱ እስኪያበቃ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም ከሰው ጋር አይታጨቅ።

ከነዚህ ሁሉ ግን አንዱን አስምሩበት፤ እኛን በተለየ ይመለከተናልና። ዓይኑን በቀዶ ሕክምና ታክሞ በዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተደረገለት ሰው መብረር የለበትም፣ ይህን ብዙዎች ያውቃሉ። ነገር ግን ጋዙ የሚነፋው በአውሮፕላን ምክንያት ሳይሆን በከፍታ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ታክሞ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃንና ሰላ ድንጋይ የሚመለስ ሰውም ሽቅብ እየወጣ ነው። ዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ብርሃን እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «ጋዝ ገብቶልኛል ወይ? ቤቴ ከአዲስ አበባ ከፍ ያለ ነው፣ መቼ ልመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ሰላ ድንጋይ የት እንዳለች ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ንገሩት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት ጉዞው ራሱ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። የምትፈልጉት ምርመራ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚሠራ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

መሄድ ግድ ከሆነ፣ ቀጠሮውን ከደረሱ በማግስቱ አድርጉት፤ አንድ ሌሊት ተኝተው ይቅረቡ። መድኃኒቶችን በሙሉ፣ ኢንሱሊንንም ጭምር፣ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ያዙ። ኢንሱሊን መኪና ጣሪያ ላይ በፀሐይ ይበላሻል፣ የተጫነ ሻንጣ ጋር ሄዶም ሊጠፋ ይችላል። የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ወረቀት ታማሚው ኪስ ውስጥ ይሁን።

አቅም ካላችሁና ታማሚው ብቻውን መብረር ከቻለ፣ ለሄደበት መንገድ እንኳ አውሮፕላን ይቁረጡለት። ካልቻላችሁ የቀን አውቶቡስ፣ መሐል ላይ ከረድፉ ይልቅ መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር፣ የሚሠራ ቀበቶ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ትንሽ መራመድ። በርጩማ የተጨመረበት መኪና ላይ ታማሚ አታስቀምጡ። ሹፌሩ መስኮት እየከፈተ ፊቱን የሚያሻሽ፣ ፍጥነቱ ያለምክንያት ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከመስመሩ እየወጣ የሚመለስ ከሆነ እንቅልፍ ይዞታል። ዝም አትበሉ፤ «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ አቁም፣ ታማሚ ይዘናል» በሉት። በቀን ከሆነ የምትወርዱበት ከተማ አለ፤ የቀን ጉዞ ትልቁ ጥቅሙም ይሄው ነው።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ ማታ ወላጁን ለማሳፈር ለተዘጋጀ ዘመድ ወይም ጎረቤት ላኩለት። አንድ አልጋ ይከራዩላቸውና ጠዋት ይሂዱ።